የቀኙ ፍሬቻ ብቻ ቶሎ ቶሎ ካለ ሪሌ ለመግዛት አትሩጥ

«ሰላም ጋሼ። ያለችኝ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። በቅርቡ ቀለም አስቀባኋት። ከዚያ ወዲህ የቀኝ ፍሬቻዋ እንደ እብድ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ ግራው ደህና ነው። ቀን ቀን አንዳንዴ ይስተካከላል፤ ማታ መብራት ሳበራ ግን ይብስበታል። አምፖሎቹ ሁሉም ይበራሉ። ሪሌ ነው ተብዬ አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ መሪው ሥር ያለውን ማብሪያ ቀይር እየተባልኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ማብሪያውን ለጊዜው አትንካው። ሪሌውም ቢሆን ከመጀመሪያው ጥፋት አልነበረበትም። ግራውንም ቀኙንም ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ያው አንድ ሪሌ ነው። በግራ በኩል በሥርዓቱ እየሠራ በቀኝ ብቻ የሚያብድ ሪሌ የለም። ስለዚህ ችግሩ ያለው መስመሩ ወደ ቀኝ ከተለየ በኋላ ነው። አሮጌውን ሪሌ ካልጣልከው መልሰህ ግጠመው፤ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይሻላል።

ፍሬቻ ለምን እንደሚፈጥን ካወቅህ ፍለጋው ይቀልልሃል። ሪሌው ወደ አምፖሎቹ የሚሄደውን ከረንት ይለካል። በአንድ ጎን ብዙውን ጊዜ ፊት አንድ 21 ዋት፣ ኋላ አንድ 21 ዋት፣ ፓራፋንጎው ላይ ደግሞ ትንሽ 5 ዋት አምፖል አለ። የጃፓን መኪና ላይ ትልልቆቹ 23 ወይም 27 ዋት ሆነው ልታገኛቸው ትችላለህ። ባለ 21ዱን ብንወስድ ድምሩ 47 ዋት ነው፣ በ12 ቮልት ወደ 4 አምፔር ይጠጋል። አንዱ ትልቅ አምፖል ከተቃጠለ ከ2 አምፔር ትንሽ በልጦ ይቀራል። ሪሌው ይህን ሲያይ ሆን ብሎ ይፈጥናል። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ የኋላ አምፖሉን ማየት ስለማይችል፣ ጠቅጠቅታው እንዲነግረው ተደርጎ ነው የተሠራው። የጎኗ 5 ዋት ብቻዋን ብትቃጠል ግን ከረንቱ ብዙም ስለማይጎድል ሪሌው ዝም ይላል። እሷን ወርደህ በዓይንህ ማየት አለብህ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ሪሌው አምፖል ተቃጠለ አልተቃጠለ አያውቅም። የሚያውቀው ከረንት መጉደሉን ብቻ ነው። አምፖሉ ደህና ሆኖ ዋቱ ትንሽ ከሆነ፣ ሶኬቱ ከዛገ ወይም ከረንቱን ወደ ባትሪ ኔጌቲቭ የሚመልሰው ማሳ ካልያዘ፣ ለሪሌው ሁሉም አንድ ነው። «አምፖሎቹ ሁሉም ይበራሉ» ያልከኝን ያልተቀበልኩት ለዚህ ነው። መብራት አንድ ነገር ነው፣ በሙሉ ጉልበት መብራት ሌላ።

መፍጠኑን ደግሞ በስሜት ሳይሆን በቁጥር ያዘው። ጤነኛ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል። ስልክህ ላይ 15 ሴኮንድ ያዝና ቁጠር። ከ15 እስከ 30 ከሆነ ደህና ነው። ከ30 በጣም ካለፈ ሪሌው እየጮኸልህ ነው። መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን፣ ከዚያ ቀኙን የማታ መብራት አብርተህ ቁጠር። ሦስቱን ቁጥሮች ጻፋቸው። ከጥገናው በኋላ የምታወዳድረው ከነሱ ጋር ነው።

ከአምፖል ጀምር፣ ምክንያቱም ርካሽ ነው። የቀኙን የፊትና የኋላ አምፖል አውጣና የብረት አንገቱ ላይ የተቀረጸውን አንብብ። 12 ቮልት፣ 21 ዋት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ከግራው ጋር አወዳድር። ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት አምፖል ካልያዙ መጀመሪያ እሱን አስተካክል።

የ24 ቮልት አምፖል ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም። ለአይሱዙና ለሌሎች የጭነት መኪናዎች የሚሸጠው 24 ቮልት 21 ዋት አምፖል ከአንተው ጋር መልኩም፣ አንገቱም፣ የጎን ጆሮዎቹም አንድ ናቸው። ሱቅ ውስጥ በአንድ ካርቶን ተደባልቆ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። ኮሮላ ላይ ይገባል፣ ይበራልም። ግን ቀይ ድንጋይ መስሎ ይግላል እንጂ አይደምቅም። ከሚገባው ከረንት ግማሹን እንኳ አይስብም። ባለቤቱ «አዲስ አምፖል ነው፣ ይበራል» ይላል፤ ሪሌው ደግሞ አምፖል የለም ብሎ ይፈጥናል። ሶማሌ ተራም ግዛ ሰፈርህ ያለ ሱቅ፣ ከመክፈልህ በፊት አንገቱን አንብብ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ የስልክህን ካሜራ አጉልተህ እየው።

ኤልኢዲ አምፖል አስገብተህ ከሆነም መልሱ እዚሁ ነው። የሚስበው ከረንት እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ መፍጠኑ ይጠበቃል። መፍትሔው ለኤልኢዲ የተሠራ ሪሌ መግጠም ወይም የድሮውን አምፖል መመለስ ነው። ከአምፖሉ ጎን ሬዚስተር የሚያያይዙ አሉ። እኔ አልወደውም። የተለመደው 6 ኦኸም ሬዚስተር ፍሬቻው በበራ ቁጥር በ12 ቮልት 24 ዋት ሙቀት ይተፋል። ከፕላስቲክ ወይም ከሽቦ ጋር ከተጠጋ ያቀልጣል።

አምፖሉን ስታወጣ ሶኬቱንም አብረህ እየው። ታች ያለችው የእርሳስ ነጥብ የነካችበት ቦታ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ከሆነ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዳ። ስፕሪንጉ ደክሞ አምፖሉ ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ የታችኛውን ምላስ በትንሹ ወደ ላይ ሳብ አድርግ። ይህን ስታደርግ ቁልፉ ዝግ ይሁን። የሶኬቱን ጎን፣ ማለትም የአምፖሉ ብረት አንገት የሚያርፍበትን ደግሞ አትርሳ። ሰው ሁሉ ታችኛውን ነጥብ ያጸዳና ጎኑን ይተወዋል። ማሳው የሚሄደው ግን በጎኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። አንተ ራስህ ሁለት ፍንጭ ሰጥተኸኛል፦ ቀለም ከተቀባች ወዲህ የመጣ ነው፣ ማታ ይብሳል። ሁለቱም ጣታቸውን ወደ ኋላ ቀኝ መብራት ማሳ ይቀስራሉ።

የኋላው መብራት ቤት ውስጥ ፍሬቻ፣ የማታ መብራትና የፍሬን መብራት አብረው ይኖራሉ። ወደ እያንዳንዳቸው የሚመጣው ፖዘቲቭ ለየብቻ ነው። ወደ ባትሪ ኔጌቲቭ የሚመለሱት ግን በአብዛኛው በአንድ ማሳ ነው። ያ ማሳ በብሎን ላሜራው ላይ ታስሯል። ባትላሜራና ቀለም ቀቢ መብራቱን ፈትተው፣ ስቱኮ ለጥፈው፣ ቀለም ነፍተው መልሰው ሲያስሩት የሽቦው ጫፍ ቀለም ላይ ያርፋል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የሚያልፈው ብሎኑ ጥርስ ላይ በተገኘችው ትንሽ ንክኪ ብቻ ነው።

ቀን ላይ በዚያች ቀጭን መንገድ የሚያልፈው የፍሬቻው ከረንት ብቻ ስለሆነ እንደምንም ይገፋል። ማታ የማታ መብራቱም ከረንት እዚያው ይጨመርበታል። መንገዱ ይጨናነቃል፣ የፍሬቻው ድርሻ ይቀንሳል፣ ሪሌው የጎደለውን አይቶ ይፈጥናል። አንዳንዴ ቀን ላይ መስተካከሉም ከዚሁ ነው፤ ከረንቱ የሪሌው ወሰን ላይ ቆሞ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል።

ያለ ምንም መሣሪያ ይህን ማረጋገጥ ትችላለህ። ሲመሽ መኪናዋን ግድግዳ ጋ አቁም። የማታ መብራት አብራ፣ የቀኝ ፍሬቻ ስጥ፣ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ቀዩን መብራት ይመልከት። ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር ቀዩ ደብዘዝ ካለ ማሳው የለም ማለት ነው። ቀጥሎ ፍሬን ርገጥ። ፍሬን ስትረግጥ ፍሬቻው ጭራሽ ከጠፋ ወይም የማይገባው መብራት ጭላንጭል ካሳየ፣ ከረንቱ መውጫ አጥቶ በሌላው አምፖል በኩል እየተሽሎከለከ ነው። ጤነኛ ማሳ ባለበት መብራት ላይ አንዱ የሌላውን ጉዳይ አያውቅም።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግህ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ኋላ የሚደርስ ረጅም ሽቦ ፈልግ። አንዱን ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ እሰር። ሌላውን ጫፍ የኋላ ቀኝ አምፖል ብረት አንገት ወይም የሶኬቱ ጎን ላይ አስነካ። ፍሬቻው ወዲያው ደምቆ ፍጥነቱ ከተስተካከለ ጨረስህ፣ ማሳ ነው። ሽቦውን ስታስነካ ታችኛውን ነጥብ እንዳትነካ፣ ፊውዝ ትበላለህ።

ቴስተር ካለህ ደግሞ በቁጥር ታየዋለህ። ችግሩ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ስለሚል ዲጂታል ቴስተር ቁጥሩ አይረጋለትም። ለዚህ የኤሌክትሪሺያን ዘዴ አለች። ሪሌውን ከሶኬቱ ንቀል። ዳሽቦርዱ ሥር ነው፤ ፍሬቻ ሰጥተህ በጆሮህና በእጅህ ታገኘዋለህ። ከዚያ ሶኬቱ ላይ ሪሌው ቢ እና ኤል የሚሉ እግሮቹን የሚሰካባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኛቸው። ቢ ከባትሪ የሚመጣው ነው፣ ኤል ወደ አምፖሎች የሚሄደው። ቁልፍ ከፍተህ ማብሪያውን ወደ ቀኝ ብታደርግ ፍሬቻው ሳይቋረጥ ይበራል። ሦስተኛ እግር ካለና ኢ የሚል ከሆነ ማሳ ነው፣ ከቢ ጋር እንዳታገናኘው። መብራቱንም ከጥቂት ደቂቃ በላይ እንደበራ አትተወው፣ ፕላስቲኩ ይግላል።

አሁን የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን የበራው አምፖል ብረት አንገት ላይ አድርግ። ደህና ከሆነ ከ0.2 ቮልት በታች ታነባለህ። ግማሽ ቮልት ከደረሰ ማሳው ታሟል። ቴስተሩን ኦኸም ላይ አድርገህ «ማሳ አለ፣ ጮኸ» እንዳትለኝ። ኦኸም የሚለካው በጣም ትንሽ ከረንት አሳልፎ ነው፤ አንዲት የሽቦ ክር ብትነካም ደህና ነው ይላል። ማሳ የሚፈተነው አምፖሉ በርቶ ጭነት ሲኖርበት ነው።

በእኔ እጅ ያለፈች አንዲት ዲኤክስ ልክ እንደ አንተው ከቀለም የወጣች ነበረች። ባለቤቱ ሪሌም አምፖልም ቀይሮ ነው የመጣው። ቀን በፀሐይ የኋላው ፍሬቻ መብራቱ ራሱ በጭንቅ ነበር የሚታየው። ባትሪው 12.4 ቮልት። አምፖሉ ታች ነጥብ ላይ 11.8፣ ስለዚህ የሚመጣው ደህና ነው። ብረት አንገቱ ላይ ግን 6 ቮልት አነበብኩ። በሌላ አባባል ለአምፖሉ የደረሰው 5.8 ቮልት ብቻ ነው፣ የቀረው ግማሽ ማሳው ላይ ይባክን ነበር። የማታ መብራት ሲበራ 6 የነበረው ወደ 7 ተጠጋ፣ ፍሬቻውም ወዲያው ፈጠነ። የኋላ ኮፈኑን ከፍተን ምንጣፉን ስናነሳ፣ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ፣ ቶዮታ አብዛኛውን ጊዜ ለማሳ የሚጠቀምበት፣ ከመብራቱ ጀርባ ወጥቶ ላሜራው ላይ በአንድ ትንሽ ብሎን ታስሯል። ብሎኑ በደንብ ጠብቋል። ስፈታው ከሥሩ የሚያብረቀርቅ አዲስ ነጭ ቀለም ነው ያለው፣ የሽቦው ጫፍ ቀለበት እላዩ ላይ ቁጭ ብላለች። ቀለሙ የሚያምር ቀለም ነበር፣ መፋቁ ያሳዝናል።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ግን አትቸኩል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ብሎኑን አውጣና ቀለበቷ የምታርፍበትን ቦታ ብቻ፣ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቅ። የቀለበቷንም ሁለት ፊት በብርጭቆ ወረቀት አጥራ። ሽቦው ቀለበቷ ውስጥ የገባበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት ካለው ቆርጠህ አዲስ ጫፍ አስገባለት፤ ላዩን ማጽዳት ብቻ አይበቃም። ጥርስ ያለው ሮንዴላ ካገኘህ ከሥር አድርግ፣ ላሜራውን ነክሶ ይይዛል። አጥብቀህ እሰር። ካሰርክ በኋላ ላዩን ግሪስ ወይም ቀለም ቀባው፣ አለበለዚያ የፋቅኸው ብረት በክረምቱ ዝናብ ይዝጋል። ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጥ፦ ብረት ለብረት መጀመሪያ፣ ቀለም በመጨረሻ።

ያቺ መኪና ከዚህ በኋላ ብረት አንገቱ ላይ ከ0.1 ቮልት በታች አነበበች። ፍሬቻዋም በ15 ሴኮንድ 21 ጊዜ ቆጠረች፣ ከግራው እኩል።

አንዳንድ ሰው ማሳውን መፋቅ ሰልችቶት ከአምፖሉ ሶኬት አዲስ ሽቦ አውጥቶ የቀረበው ብሎን ላይ ያስረዋል። ብሎኑ ራሱ ቀለም የተቀባ ላሜራ ላይ ከሆነ ያው ነህ። ከጎኑ ካለው ሌላ መብራት ማሳ ላይ መቀጠልም አይረዳም፤ ሁለት መብራት በአንድ የታመመ ማሳ ታስተዳድራለህ።

የኋላው ማሳ ደህና ሆኖ ካገኘኸው ተመሳሳዩን ልኬት በፊት ቀኝ አምፖል ድገመው። ፓራፋንጎው ተቀብቶ ከሆነ እሱም ተፈትቶ ነበር። የፊትም የኋላም፣ የግራም የቀኝም አምፖሎች ብረት አንገት ላይ ተመሳሳይ ከፍ ያለ ቮልት ካነበብክ ደግሞ የመብራቶቹን ማሳ ተወውና ወደ ባትሪው ተመለስ። ከባትሪ ኔጌቲቭ ወደ ላሜራው የሚሄደው ቀጭን ኬብል ላልቷል ወይም በልቷል።

ማብሪያውን ቀይር ላሉህ ሰዎች መልሱ እነሆ። ማብሪያው ወደ ቀኝ ሲዞር ለፊቱም ለኋላውም ቀኝ አምፖል የሚሰጠው ከአንድ ነጥብ ነው። እሱ ከታመመ ሁለቱም እኩል ይደበዝዛሉ። አንዱ ደማቅ አንዱ ደብዛዛ ከሆነ ማብሪያው ነፃ ነው። በቴስተር ደግሞ የሁለቱንም አምፖሎች ታች ነጥብ ለካ። ከባትሪው ቮልት በአንድ ቮልት ገደማ ዝቅ ያለ ከሆነ ብዙ አያሳስብም። ሁለቱም እኩል ብዙ ከጎደላቸው፣ በግራ በኩል ደግሞ ካልጎደለ፣ ያኔ ማብሪያውን ጠርጥር። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅለህ እየው እንጂ ወዲያው አትግዛ። አሮጌ ማብሪያ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የውስጥ ነጥቦቹን በኮንታክት ስፕሬይ ማጠብ ብቻ ነው።

ሪሌ የሚጠረጠረው ግራም ቀኝም ሲፈጥን፣ አምፖሎቹም ሁሉ ትክክለኛ ዋት ሆነው ሲደምቁ ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ለምሳሌ 12 ቮልት፣ 23 ዋት በ2 ተባዝቶ 3.4 ዋት ተደምሮ ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለት ትልልቅ አምፖልና አንዲት ትንሽ ማለት ነው። ካንተ አምፖሎች የበለጠ ዋት የሚጠብቅ ሪሌ ከገጠምክ ሁሉም ደህና ሆኖ ሳለ ሊፈጥን ይችላል። የገዛኸው አዲሱ ሪሌ እግሮቹ ስለገጠሙ ብቻ ትክክል ነው አትበል። የቢ፣ የኤልና የኢ አቀማመጥ ከአምራች አምራች ይለያያል። የድሮዎቹ በሙቀት የሚሠሩ ሪሌዎች ደግሞ ጠባያቸው ሌላ ነው፤ አምፖል ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ይዘገያሉ ወይም መብራቱን አብርተው ይቀራሉ እንጂ አይፈጥኑም። ያንተው መፍጠኑ ራሱ ከረንት የሚለካው ዓይነት መሆኑን ይጠቁማል።

ማሳውን ከሠራህ በኋላ መብራቱን ስትመልስ የጎማ ማሸጊያውን እየው። ቀለም ሲቀባ ተቀዶ ወይም ጠፍቶ ከሆነ ውሃ ይገባል፣ ሶኬቱም በአንድ ክረምት አረንጓዴ ይሆናል። ካላገኘህ ዙሪያውን ስስ ሲልከን አድርግ። ፕላስቲኩ ታች ጠርዝ ላይ ውሃ ማውጫ ቀዳዳ ካለው ግን እሷን እንዳትደፍናት። ከዚያ የማታ መብራቱን አብርተህ ቀኙን እንደገና ለ15 ሴኮንድ ቁጠር፣ ከጻፍካቸው ሦስት ቁጥሮች ጋር አስተያየው። አሁንም ከግራው ከበለጠ አንገቱ ላይና ታች ነጥቡ ላይ ያነበብከውን ቮልት፣ የፊቱንም የኋላውንም፣ ጻፍልኝ።